የይሻው የነጻ ብር

ይሻው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ነገር ቢኖር ቤቲንግ፣ የኳስ ውርርድ ነው። አወራራጁ ድርጅት መቶ ብር ቦነስ ሰጠው፤ እሱም ተወራርዶ አራት መቶ አደረሰው። ለማውጣት ግን የሺህ ብር ውርርድ መሙላት ግድ ነበርና ያን ሲሞላ ሁሉንም ተበላ። ቀጥሎ "ከራሱ ገንዘብ ለሚያስገባ ሌላ ቦነስ አለ" ሲሉት፣ ጅሉ አስገባ! ስምንት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ይቆርጣል፤ አንዱ ሁሌ ይሳሳትና ቲኬቱን ያቃጥልበታል። ኪሱ ሲራቆት "አባቴ ታመመብኝ" እያለ ከዶርም ልጆች አሥራ ሁለት ሺህ ብር ተበደረ።

ልጆቹ ጨዋ ናቸውና ብርቱካን ይዘው፣ ሳይነግሩት፣ በሽተኛውን ሊጠይቁ ወደ ይሻው አገር ገሳይ ሄዱ። አባትየውን ገብስ ሲወቁ አገኟቸው።

ይሻው አዲስ ቲኬት ሲቆርጥ ስልኩ ጠራ፤ አባቱ ናቸው።

"ታምሜያለሁ አሉ። ገብሱን ወቅቼ እስክጨርስ ታገሠኝ፤ ከዚያ እሞትልሃለሁ።"