አራት መቶ ኢንቮይስ በአንድ ትዕዛዝ

ያኔ ዲላ ከተማ የቡና ማድረቂያ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚዘረጋ ሽቦ ወንፊት፣ የጥላ መረብና ጆንያ ነው የምንሸጠው። ባለቤቱ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የሸመገሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቆቸሬ ወረዳ ያለ የቁጠባና ብድር ማኅበር በቴሌግራም የኤክሴል ፋይል ላከልን። ማኅበሩ ለአባሎቹ የማድረቂያ ዕቃ ብድር ሊሰጥ ወስኗል። ገንዘቡን የሚከፍለው በቀጥታ ለሱቁ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ አባል በስሙ የተዘጋጀ የክፍያ መጠየቂያ፣ ማለትም ኢንቮይስ፣ ማህተም ተመቶበት እንዲደርሰው ፈለገ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ቅዳሜ ነው። ወረቀቱ ያልደረሰለት ሰው ብድሩን የሚያገኘው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቡናው ተለቅሞ አልቋል።

ፋይሉን ስከፍተው ከአራት መቶ በላይ ሰው ተደርድሯል። የአባልነት ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ የወንፊት ብዛት፣ የመረብ ብዛት፣ የጆንያ ብዛት።

እስከዚያ ቀን ኢንቮይስ የምሠራው በዎርድ ነበር። የድሮውን እከፍታለሁ፣ ስሙን እቀይራለሁ፣ ሂሳቡን በካልኩሌተር ሠርቼ እሞላለሁ፣ በሌላ ስም አስቀምጣለሁ። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ገና አርባውን ነው የጨረስኩት። መልሼ ሳያቸው ደግሞ የአንዱ ሰው ወረቀት ላይ ከፊቱ የነበረው ሰው ቀበሌ ሳይቀየር ቀርቷል። ያኔ በዚህ መንገድ ቅዳሜ እንደማንደርስ ገባኝ።

ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ፤ ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። እሑድ እሑድ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ታስጠናኝ ነበር። ምሳ ስንበላ ነገርኳት።

«አርባውን በእጅሽ ጻፍሽ?» አለችኝ እንጀራውን ይዛ ቆም ብላ።

«ታዲያ በምን ልጻፍ?»

«ባለፈው እሑድ እኮ ኤክሴል ማንበብ አሳይቼሻለሁ። ፕሮግራሙ ማንበብ ከቻለ መጻፍ ያቅተዋል? ፒዲኤፍ የሚሠራ ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ፣ አለ፤ ጫኚውና ጀምሪ። ማታ አየዋለሁ አልልሽም፣ ራስሽ ሞክሪው።»

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስመለስ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሐሳቡ ሲታይ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የኤክሴሉን ፋይል ይከፍታል። የመጀመሪያው መስመር አርእስት ስለሆነ ከሁለተኛው ጀምሮ አንድ በአንድ ያነባል። ብዛቱን በነጠላ ዋጋ ያባዛል፣ ይደምራል፣ አሥራ አምስት በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያክላል። ከዚያ ባዶ ገጽ ላይ እያንዳንዱን ነገር በቦታው ጽፎ ፒዲኤፍ አድርጎ ያስቀምጥና ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። እኔ የምጽፈው የአንድ ሰው ኢንቮይስ ምን እንደሚመስል ብቻ ነው፤ የቀረውን እሱ ይደጋግመዋል።

የመጀመሪያው ፒዲኤፍ ሲከፈት ቁጥሮቹ ቦታቸውን ይዘዋል። ስሙና ቀበሌው ግን የሉም፤ በፋንታቸው ጥቋቁር ሣጥኖች ተደርድረዋል። ለጓደኛዬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

«ላይብረሪው ይዞት የሚመጣው ፎንት አማርኛ ፊደል የለውም» ብላ መለሰች። «የግዕዝ ፊደል ያለበት የፎንት ፋይል አውርጂና ፕሮግራሙ ላይ አስመዝግቢው። ስሙን ከመጻፉ በፊት በዚህ ፎንት ጻፍ በይው።»

እንዳለችው አደረግሁ። ስሙ በአማርኛ ጥርት ብሎ ሲወጣ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነስቼ ጋሼን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ጥሩ ነው። አንድ ብቻ ነው?»

«ሌሎቹን አሁን ያወጣቸዋል።»

ሁሉንም እንዲሠራ አዘዝኩት። ጥቂት ሄዶ ቆመ። የቆመበት መስመር ላይ ያሉት ሴት ጆንያ አላዘዙም፤ የኤክሴሉ ሳጥን ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ባዶን በዋጋ ማባዛት አያውቅም። ባዶ ከሆነ ዜሮ ቁጠረው የሚል ጨመርኩና እንደገና አስነሳሁት። በዚህ ጊዜ አልቆመም። ፎልደሩ ውስጥ ፋይሎቹ ዝናብ እንደመጣ ይግተለተሉ ጀመር። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ፋይሎቹን ስቆጥር ከዝርዝሩ ሃያ ያህል ጎደሉ። ስህተት አልተናገረም፣ አልቆመም፤ ግን ሃያ ሰው የለም። ቅዳሜ እነዚያ ሃያ ሰዎች ተሰልፈው ስማቸው ሳይጠራ ሲቀር ታየኝና ዝርዝሩን መልሼ ከፈትኩ።

የጎደለውን አንድ ሰው ስፈልግ በስሙ ፋይል አገኘሁ። ስከፍተው ግን ቀበሌው ሌላ ነው። ዝርዝሩን ሳየው ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አሉ። ፋይሎቹን በስም ስለሰየምኳቸው የኋለኛው የፊተኛው ላይ ተጽፎበት አጥፍቶታል። ሌሎቹም እንዲሁ ነበሩ። ከስሙ በፊት የአባልነት ቁጥራቸው እንዲገባ አደረግሁ፤ እሱ ደግሞ አይደገምም። እንደገና ሳስወጣው የፋይሉ ብዛትና የዝርዝሩ ብዛት እኩል ሆነ።

«ማህተም ከመምታቴ በፊት እኔ አያለሁ» አሉ ጋሼ። በነጋታው ካልኩሌተራቸውን ይዘው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ከዚህም ከዚያም እያነሱ ታክሱን ጨምረው አሰሉ። አንዱን ሁለቴ ደገሙት።

«ምነው ጋሼ፣ ተሳስቷል?»

«አይ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብለው ሳቁ። ከዚያ የማህተሙን ቀለም አስመጡ።

ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለ ማተሚያ ቤት አሳትመን በካርቶን አመጣነው። ሐሙስን ሙሉ እሳቸው ማህተም ሲመቱ እኔ በየቀበሌው ስለይ ዋልን። አርብ በሚኒባስ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ማኅበሩ ወዳለበት ወደ ፍስሐ ገነት ሄድኩ። ጎኔ የተቀመጡ ሰውዬ፣ «ምንድን ነው እንዲህ የምታቅፊው?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀት ነው ስላቸው አላመኑኝም።

የማኅበሩ የብድር ሠራተኛ ካርቶኑን ሲያይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ጎን ገፋ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ግማሹን ካመጣሽ ተመስገን ብዬ ነበር እኮ እህቴ።»

በሩ ላይ የሚጠብቁ አባላት ነበሩ። ከመካከላቸው አንዲት ሴትዮ ወረቀታቸውን ተቀብለው ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ፤ ወንፊቱን፣ መረቡን፣ የመጨረሻውን ድምር። «የኔ ነው፣ ልክ ነው» አሉና እጥፍ አድርገው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። አጠገባቸው የነበረው ሰው የእሱን ከፍ አድርጎ ለጓደኛው አሳየው። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ሳያቸው ፊቴ ላይ ያለውን ፈገግታ መሰብሰብ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ተደወለ፤ ኮሚቴው ሁሉንም አጽድቋል። ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው አይሱዙ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ወንፊት ሲጫን ጋሼ ወደ ጠረጴዛዬ መጡና ጎንበስ አሉ።

«ያችን ነገር እስኪ እንደገና አሳዪኝ» አሉኝ፤ «ፋይሎቹ ሲወርዱ።»

ፎልደሩን ባዶ አደረግሁላቸውና ቁልፉን ራሳቸው እንዲጫኑት ወንበሬን ለቀቅሁላቸው።