ወንበር የሌለው ቋንቋ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ጁባ፣ አማራት ሰፈር ውስጥ ከእናቴ ምግብ ቤት በር ላይ የውሃ ቦቴ ቆመ። ሹፌሩ የጣሪያውን ሮቶ ሞላና ክሎሪን ጨመረበት። የሆነው ይኸው ነው።

ሽታው ግን ከደረጃው ወርዶ ከቡናዬ ጋር ተቀላቀለ፤ እኔም ሲኒውን አስቀመጥኩት። ወዳጄ፣ ልጅ ሳለሁ ስለሠራሁበት ሬዲዮ ጣቢያ ንገረኝ ብለኸኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

ያኔ ገና ጢሜ አልወጣም። ጣቢያው ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ድምፅ እንዲውጥ ፍራሽ ተለጥፎበታል። ጄኔሬተሩ ሲነሳ የናፍጣው ሽታ ይገባል፤ ሲዘንብ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ዜና አይነበብም። የማይክ መክፈቻውን ሰሌዳ ለእኔ የሰጡኝ ሐበሻ ስለሆንኩ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲቀጥረኝ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የማንም አይደለህም። የማንንም ሰዓት ቆረጥክ ብሎ የሚከስህ የለም።»

እዚያ ቋንቋ ማለት ሰዓት ነበር። እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ሽማግሌ አለው፤ ሽማግሌው በስብሰባው ክፍል የራሱ የፕላስቲክ ወንበር አለው። አዲስ አንባቢ ሲቀጠር እሱ ሰምቶ ያጸድቃል። ሽማግሌ የሌለው ንግግር በጣቢያው ቋንቋ አይባልም።

የባሪ ቋንቋ አንባቢና የኩኩ ቋንቋ አንባቢ ተከታትለው ይገቡ ነበር። የኩኩው ብዙ ጊዜ የራሱን ጽሑፍ አያዘጋጅም፤ ከባሪው እጅ ወረቀቱን ይቀበልና እዚህም እዚያም ቃል እየቀየረ ያነበዋል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሽማግሌዎቻቸውን «እንግዲህ ከተግባባችሁ በአንድ ሰዓት ብትጠቃለሉስ?» አላቸው። የኩኩው ሽማግሌ ሳቀ።

«እሱን እንደ ወንድሜ እሰማዋለሁ። ወንድሜ ግን የራሱ ቤት አለው፤ እኔም የራሴ።»

የባሪው ሽማግሌም ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ቢኖር አንድ አለመሆናቸውን ነው።

የዲንካ ሰዓት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። አንባቢው ከምሥራቅ፣ ከቦር የመጣ ነው። ከሩቅ ከምዕራብ የመጣው የጥበቃ ሠራተኛ፣ እሱም ዲንካ፣ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል። «ምን አለ?» ስለው «ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን ገመትኩ» ይላል። ታዲያ ሌላ ቋንቋ ነው ማለት ነው? ብዬ ስጠይቀው ተቆጣኝ። «ያ ሐበሺ! እኛ አንድ ሕዝብ ነን።» የሚግባቡት ሁለት ቋንቋ፣ በግማሽ የሚግባቡት አንድ ቋንቋ ነበሩ። ያኔ ግራ ይገባኝ ነበር። ኋላ ብዙ አገር ዞሬ ስዘግብ የቋንቋን ድንበር የሚያሰምረው ጆሮ እንዳልሆነ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ የዘፈን ምርጫ ይመጣል። አቅራቢዋ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ልጅ ናት። አባቷና እናቷ ከተለያየ ሕዝብ ስለሆኑ ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው የጁባ ዓረብኛ ብቻ ነበር። ሌላ የአፍ መፍቻ አልነበራትም። ከተማውም፣ ገበያውም፣ ሰፈሩም የሚያወራው ያንኑ ነው፤ እነዚያ ሽማግሌዎች እንኳ እርስ በርሳቸው የሚቀልዱት በእሱ ነበር። ለዘፈንና ለሰላምታ ተፈቅዷል። ለዜና ግን ክልክል ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ከጤና ቢሮ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ መጣ። ከድልድዩ ማዶ፣ ሸሪካት የሚባለው ሰፈር፣ ኮሌራ ገብቷል። ለሰዉ የውሃ ማከሚያ ክኒን ታድሏል፤ የወንዝ ውሃ እንዳይጠጣ፣ ክኒኑ ጀሪካን ውስጥ ተጨምሮ እስኪሟሟ እንዲጠበቅ፣ ማንም እንዳይውጠው ይነገር ይላል። የልጅቷ እናት የምትኖረው ሸሪካት ነው። ስልክ የላትም፤ ትንሽ ሬዲዮ ግን ነበራት፣ የልጇን ድምፅ የምትሰማበት።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ክርክሩ የማን ቋንቋ ቀድሞ ይነበብ የሚል ነበር። ማንም ከማንም በኋላ መሆን አልፈለገም። ትርጉሙም ለየብቻ መሠራት አለበት ተባለ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ቆየችና ገባች።

«አባቶቼ፣ እናንተ እስክትጨርሱ እኔ በዘፈኑ ሰዓት ላንብበው። ሁሉም ይሰማዋል።»

«በምን ቋንቋ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አሁን በምናወራበት።»

ሳቁ። ካርቱም የተማረ አንድ ሽማግሌ መነጽሩን አወለቀ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ የተሰበረ ዓረብኛ ነው። ሰዋስው የለውም።»

«የለውም? ‹አና ሩዋ› ብል ሄጃለሁ ማለት ነው። ‹አና ጊ ሩዋ› ብል እየሄድኩ ነው። ‹አና ቢ ሩዋ› ብል እሄዳለሁ። ገና ሳይሄዱ ሄድኩ የሚል ልጅ ቢኖር ሸሪካት ይሳቅበታል። ሕግ ባይኖረው በምን ይሳቃል?»

ሌላው ሽማግሌ ከካርቱም መንግሥት ጋር በነበረው ጦርነት ሁለት ልጆቹን ያጣ ነበር። እሱ አልሳቀም። «ዓረብኛ ከሆነ የገደሉን ሰዎች ቋንቋ ነው። በዜና አልሰማውም። ዓረብኛ ካልሆነ ደግሞ የማን ነው? አገሩ የት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ የወንበሮቹን ረድፍ በእጁ አሳያት። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እዚህ ማንም የሚቀመጠው የሚወክለው ሕዝብ ስላለው ነው። ያንቺ ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?»

ልጅቷ ወደ ስቱዲዮው ተመለሰችና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። የእስክሪብቶው ጭረት ይሰማኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላም ስብሰባው አላለቀም። ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ ወደ እኔ አየች። ማይኩን ከፈትኩላት።

«ማታኩም አስሩቡ ሞያ ታ ባሃር» አለች፤ የወንዝ ውሃ አትጠጡ። ድምፅዋ ሰላምታ ስታስተላልፍ እንደነበረው ነው። ስለ ክኒኑ ልትናገር ትንፋሽ ስትስብ በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ እጁን በእጄ ላይ ጭኖ የማይኩን ማንሸራተቻ ወደ ታች ሳበው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

«ነገ አምስቱም ሽማግሌዎች ሰዓታችንን ሸጥክ ይሉኛል» አለ። «ጣቢያው ይዘጋል። ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ቢንቲ። ውጪ።»

ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች፤ ወደ ድልድዩ፣ ወደ እናቷ። እኔ ዘፈን ከፈትኩ።

ማስታወቂያው በሦስተኛው ቀን በአምስት ቋንቋ ተነበበ፤ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ወጣ።

እናትየው ሬዲዮውን ሰምታ እንደሆነ አላውቅም። ልጅቷ ስትደርስ እናቷ ታማ ነበር፤ በበነጋታው ጎህ ሲቀድ ሞተች። ሙሉው መልእክት ቀድሞ ቢደርስ ትተርፍ ነበር ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ ማረጋገጥ አልችልም። ያየሁትን ልንገርህ። ለለቅሶ ስንሄድ ጀሪካኑ በወንዝ ውሃ እስከ ግማሽ ተሞልቶ በሩ ሥር ነበር። ክኒኑ እሽጉ ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ፣ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጧል። እሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። ጎረቤቶቿ እሽግ እያሳዩ «ይኼ ይዋጣል?» ብለው ልጅቷን ጠየቋት። ሐዘንተኛዋ ቆማ አስረዳቻቸው።

ሽማግሌዎቹ በሙሉ መጥተው ነበር። የኩኩው፣ የባሪው፣ ካርቱም የተማረው፣ ልጆቹን ያጣውም። ድንኳኑ ውስጥ የመጣው ሰው ከየሕዝቡ ነው። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ስለ ሟቿ ተናገረ፣ ልጅቷን አጽናና፣ ጸሎትም አደረገ።

የተናገረው በጁባ ዓረብኛ ነበር።