የሚዘፍነው ወለል

ርዕሰ መምህሩ ሲጽፉ ያንጎራጉራሉ። ካንጎራጎሩ ደብዳቤው ይረዝማል፤ ደብዳቤው ከረዘመ ጸሐፊዋ ትቆጣለች። ጎርፉ ትምህርት ቤቱን ጥሶ ባለፈ ሰሞን፣ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ የጥገና በጀት የሚጠይቀው ደብዳቤ ሲረቀቅም እንዲሁ ሆነ።

«ጋሼ፣ ‹ውሃው ሳያንኳኳ ገባ› የሚለው ይውጣ።»

«ይውጣ።»

«‹የሦስተኛ ክፍል ወለል ሲረገጥ ይዘፍናል› የሚለውም።»

«እሱን አትንኪብኝ! በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ቢሮው ዘፈን አይጠግንም» አለች፤ ግን ተወችላቸው። የጉዳት ዝርዝሩን፣ ፎቶግራፎቹንና የወጪ ግምቱን አባሪ አድርጋ፣ ማኅተም መትታ በወረዳው በኩል ላከችው።

ገንዘቡ ካልመጣ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ከሁለተኛዎቹ ጋር በአንድ ክፍል ሊታጨቁ ነው። ርዕሰ መምህሩን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነበር። ስለዚህ ቢሮው መሐንዲስ እንደሚልክ ሲሰሙ ደስታቸውን ለወላጆች ኮሚቴ ሳይነግሩ አላደሩም።

ስህተታቸው እሱ ነበር።

መሐንዲሷ በምትመጣበት ጠዋት ግቢው ሲደርሱ ትምህርት ቤቱ እንደ ሙሽራ አጊጦ ጠበቃቸው። ጭቃው ተጠርጓል፤ የውሃው ልክ የታየበት ግድግዳ ኖራ ተቀብቷል፤ የተሰባበሩት ወንበሮች ከመጋዘኑ ጓሮ ተከምረዋል።

«ምን አደረጋችሁኝ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«እንግዳ እየመጣ በጭቃ እንቀበል እንዴ?» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢዋ፣ ኖራ የነካው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

መሐንዲሷ ክፍሎቹን ዞረች። ፎቶግራፎቹን አየች፤ ግድግዳውን አየች።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ የሚታየው ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ በአካፋ ይወጣል። የተጎዳ ነገር ካላየሁ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ደብዳቤውን ገለጠችና ድንገት ፈገግ አለች።

«የሚዘፍነው የቱ ጋ ነው?»

ጸሐፊዋ መሬት ብትውጣት በወደደች።

ርዕሰ መምህሩ ግን ወደ ሦስተኛ ክፍል መርተው፣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው በተረከዛቸው መቱ። ዱም! አንድ እርምጃ ራቅ ብለው መቱ። ጠጥ። ተመልሰው መቱ። ዱም!

የመሐንዲሷ ፈገግታ ጠፋ። «ከዚያ ይውጡ ጋሼ፤ ቀስ ብለው። ጎርፉ ከሥር አፈሩን ጠርጎት ሄዷል፤ ሲሚንቶው ባዶ ላይ ነው ያለው።»

ከውጭ፣ ከመሠረቱ አጠገብ አስቆፈረች። የያዘችው የብረት ዘንግ ከወለሉ ሥር ያለ ከልካይ ገባ። ክፍሉ እንዲዘጋ አዘዘችና መጻፍ ጀመረች።

«እልል!» አሉ ሰብሳቢዋ።

«እትዬ፣ ወለሉ ባዶ ነው እኮ ያለችው!» አለች ጸሐፊዋ።

«ታዲያ ባዶ ባይሆን ማን ይሰጠን ነበር?»

በጀቱ ተፈቀደ፤ ወለሉ ፈርሶ፣ አፈር ተሞልቶና ተጠቅጥቆ እንደገና ተሠራ። ትምህርት ሲጀመር ርዕሰ መምህሩ በተረከዛቸው መቱት። ጠጥ። ጥገናው ድምፁን ነጥቆታል። ግን ምንም አይደል፤ ከኋላቸው የሦስተኛ ክፍል ልጆች መዝሙራቸውን ጀመሩ።

ጸሐፊዋ በመስኮት ብቅ አለች። «ጋሼ፣ የምስጋናው ደብዳቤስ?»

«ልጽፍ ነው» አሉ፤ ማንጎራጎርም ጀመሩ።

«ወይ ጉዴ!» አለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ብዙ ወረቀት ይዛ ነበር የመጣችው።