ልብስ ሰፊው ለአስተማሪዋ የጻፈው ደብዳቤ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በሰው ቀንቶ አያውቅም ነበር፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ቋንቋ እስክትጀምር ድረስ። ቤት ውስጥ ከሱ ጋር በሱ፣ ከእናቷ ጋር በእናቷ ቋንቋ ነው የምታወራው። በሦስተኛው የምታዋራው ግን አስተማሪዋን ብቻ ነው። "አስተማሪዬ እኮ እንዲህ አለች" ባለች ቁጥር መርፌው ጣቱን ይወጋዋል። ልጄን ተቀማሁ አለ።

በመጨረሻ ከልክ መያዣ ደብተሩ ወረቀት ገንጥሎ ጻፈ፦ "እትዬ አስተማሪ፣ ቋንቋውን አላውቀውም። ልጄን ቤት ውስጥ እንዴት ልርዳት? የኛን ሁለቱን እንተውላት ወይ?"

መልሱ በማግስቱ በልጅቷ ቦርሳ መጣ። "እንዳትተዉ! በሚያውቁት ቋንቋ ተረት ይንገሯት፤ ለሦስተኛውም ይጠቅማታል። በየቀኑ አስር ደቂቃ ደግሞ እሷ ታስተምርዎት። ስትሳሳት ቶሎ ቶሎ አያርሟት።"

"የማላውቀውን በምን አርማለሁ?" አለና ተማሪ ሆነ። ልጅቷ በሦስተኛው ቋንቋ መቀስ፣ ክር፣ መርፌ እያለች ታስጠናው ጀመር። ሲሳሳት በሳቅ ትፈርሳለች፤ እሱም አብሯት ይስቃል።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። "እኔን ነው የምታሙት?"

"ኧረ መቀስ ነው ያልነው!"

"መቀስ እንዲህ ያስቃል?"

ሰኞ ዕለት ሱሪዬን ላሳጥር ስገባ ሚስትየው ከልክ ደብተሩ ወረቀት ገንጥላ ተቀምጣለች። "እትዬ አስተማሪ" ብላ ጀምራለች።