ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረው መፈልፈያ

ወንድሜ አቃቂ በሰቃ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለው። እኔ ደግሞ ቢሮ ተብላ በምትጠራው የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጬ ስልክ አነሳለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የወርክሾፑን ዌብሳይት የሠራሁትም እኔ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ አንዳንዴም እያለቀስኩ ነው የሠራሁት። የብሎኬት ማሽን፣ የግቢ በር፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫና የበቆሎ መፈልፈያ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ አበጅቼላቸዋለሁ።

መፈልፈያውን የሚሠሩት ከአባቴ ጋር ባቡር ጥገና አብረው የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መፈልፈያቸው በእጅ የሚዞር፣ መብራት የማይፈልግ፣ ሁለት ሰው አንስቶ አህያ ላይ የሚጭነው ዕቃ ነው። ብረት ከሚቀርጸው ቶርኖ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር፣ የራሳቸው ማዕዘን አላቸው። ዌብሳይቱን ስጀምር መጀመሪያ የሠራሁት የእሳቸውን ገጽ ነበር፤ እጄን ያፍታታሁት በእሱ ነው። ያን ጊዜ ቢሮው ስልክ ስላልነበረው የራሳቸውን ቁጥር ነበር የጻፍኩበት። ሌሎቹን ገጾች የሠራኋቸው ቆይቼ፣ ሥራው ሲገባኝ፣ በአንድ ቅርጽ ነው።

አንድ ቀን ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ነገር ሰው ያየዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ጎብኚ የሚቆጥር ነጻ አገልግሎት እንዳለ ሰምቻለሁ አልኩት። በዚያው ሳምንት ተመዘገብኩ። አገልግሎቱ የሚሰጠው ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ኮዱን ገጹ ውስጥ፣ ሰው በማያየው ቦታ ትለጥፊዋለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ይመዘግባል። እኔም ኋላ የሠራኋቸው ገጾች ሁሉ የሚጋሩት ቅርጽ ላይ ለጠፍኩትና ሥራዬ አለቀ አልኩ።

ወዲያው «አሁን በገጹ ላይ ያለ፦ 1» የሚል መጣ። ወንድሜን ከብየዳው ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዱ ማን ይሆን አለኝ። ሁለታችንም ሰውየው እንዳይሄድብን ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ቆምን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው በሌላኛው መስኮት የራሴን ገጽ ከፍቼ መተዌ ትዝ ያለኝ። ሰውየው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሪፖርት ሲመጣ ግራ መጋባቴ ባሰ። ጎብኚ ሌላ፣ ጉብኝት ሌላ፣ የገጽ ዕይታ ሌላ። አንድ ሰው በስልኩም በኮምፒውተሩም ቢገባ ሁለት ጎብኚ ይሆናል፤ አምስት ሠራተኛ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩሎ ቢያይ ደግሞ አንድ። ለምሳ የሚሰበሰቡት የኛ በያጆች ፎቶ የሚያዩት እንደዚያ ነው። ከአገር ውስጥ የገባው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አዲስ አበባ ተብሎ ተመዝግቧል። ሻሸመኔ ያለ ደንበኛችን ገብቼ አይቻለሁ ብሎኝ ሳለ ሻሸመኔ የምትባል አገር ሪፖርቱ ላይ የለችም። በስልክ መስመር የሚገባውን ሰው ቦታ በግምት ነው የሚጽፈው ለካ፤ ይህንንም ያወቅሁት ኋላ ነው።

ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው የውጭ ከተሞችም ነበሩ። ወንድሜ የእነሱን ሲያይ ደረቱ ተነፋ፣ ሻይ ቤት ሄዶም የብሎኬት ማሽናችንን ፈረንጅ እያየው ነው ብሎ አወራ። እኔም ሁለት ቀን አምኜ ነበር። ኋላ ስመረምር ከነዚያ ከተሞች የመጡት አንድ ሰከንድ እንኳ አልቆዩም። ብዙዎቹ ሰው ሳይሆኑ ገጽ ለገጽ የሚዞሩ ማሽኖች መሆን አለባቸው። ይህን ስነግረው ለሻይ ቤቱ ሰዎች ምን እንደሚል ነበር ያስጨነቀው።

እዚህ ድረስ ሳቅ ነው። በሁለተኛው ሰኞ ግን ሳቁ አለቀ።

ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ የገጾቹን ዝርዝር እያየ ነበር። የብሎኬት ማሽን አንደኛ፣ የግቢ በር ሁለተኛ፣ ታንከር ማስቀመጫ ሦስተኛ። መፈልፈያውስ አለኝ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ፤ የለም። ስንት ሰው አየው ብሎ ደገመኝ።

«ዜሮ» አልኩት።

ጋሼ የብየዳ ኤሌክትሮድ ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሲቸኩል ግን አፉ ይቀድመዋል። ጋሼ፣ የእርስዎን ዕቃ አንድም ሰው አላየውም፣ ማዕዘኑን ለብሎኬት ማሽኑ ብናደርገውና እርስዎ በሮቹን ቀለም በመቀባት ቢያግዙን ምን ይመስልዎታል አላቸው። ጋሼ ኤሌክትሮዱን ሳይወስዱ ተመለሱ፤ ከሰዓት ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲወጡ አየኋቸው። ማክሰኞ አልመጡም። ረቡዕም አልመጡም። ማዕዘናቸው ውስጥ ግማሽ የተበየደ የመፈልፈያ ከበሮ ቀርቷል።

ሐሙስ ዕለት እንደዚሁ ሲከፋኝ የጋሼን ገጽ በስልኬ ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ላይ የአሁኑን ቁጥር የሚያሳየው ሰሌዳ ክፍት ነበር። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ዜሮ። ገጹን አደስኩት፤ ያው ዜሮ። እኔ እያየሁት ማንም አያየውም ይለኛል! የብሎኬት ማሽኑን ገጽ በዚያው ስልክ ስከፍት ወዲያው አንድ አለ። ተመልሼ የጋሼን ገጽ ውስጡን አየሁ። ኮዱ የለም። መጀመሪያ ለብቻው በእጄ የሠራሁት ገጽ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ቅርጹን አይጋራም፤ ኮዱን አልለጠፍኩበትም። ሰው ስላላየው ሳይሆን ቆጣሪ ስለሌለው ነው ዝርዝሩ ውስጥ የጠፋው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል ማንን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ኮዱን ለጥፌ፣ ሰሌዳው አንድ ሲል አይቼ፣ ለወንድሜ ነገርኩት። ታዲያ እስከዛሬ ስንት ሰው አይቶታል አለኝ። ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ አይቆጥርም፣ ያለፈው አልፏል አልኩት። ሂጂና ንገሪያቸው አለኝ። አብረን እንሂድ ስለው አፈርኩ አለ።

በባጃጅ ሄድኩ። ቤታቸው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የመጥረቢያ እጀታ እየሞረዱ ነበር። ልጃቸው ወንበር አወጣችልኝ። አንገቴን ደፍቼ ኮዱንም ቅርጹንም ዝርዝሩንም እያምታታሁ ተናገርኩ። ሞረዱን ጭናቸው ላይ አኑረው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንግዲያው ያልቆጠርሽውን ነው ዜሮ ያልሽው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«አላውቅም ማለት ነበረብሽ እኮ ልጄ። ዜሮና አላውቅም አንድ ናቸው?»

እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ እሳቸው ወደ እጀታው ተመልሰው ነበር። ቆይተው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ ሰው ግን ይደውላል አሉ። የሚደውለው ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ስልካቸውን ሰጡኝ። ስም የሌላቸው ቁጥሮች ተደርድረዋል። መፈልፈያ አለ ወይ እያሉ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው፤ እሳቸውም እንዴት አገኛችሁኝ ብለው ጠይቀው አያውቁም፣ ሰው ለሰው ተነጋግሮ ነው ብለው ትተውታል። ቢሮ ስልክ አጠገብ ስውል አንድም ሰው ስለ መፈልፈያ ያልጠየቀኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። የገጹ ላይ ቁጥር የእሳቸው ነው።

እባክዎ ለአንዱ ይደውሉለት ብዬ ለመንኳቸው። ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ከአርሲ በኩል ያለ ገበሬ ነው። ቁጥሬን ከየት አገኘኸው ሲሉት የወንድሙ ልጅ በስልኩ ፎቶውን ከነቁጥሩ እንዳሳየው ነገራቸው። ሁለተኛው ሰው ጎረቤቱ እንደነገረው አወራ። ሦስተኛው አላነሳም። ጋሼ ስልኩን ዘግተው አዩኝ። እኔም ከሦስቱ አንዱ በገጹ ነው፣ አንዱ በሰው ነው፣ አንዱን አላውቅም አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ከመሄዴ በፊት ልጃቸው ገጹን አሳዪን አለችኝ። በእሷ ስልክ ከፈትኩላቸው። ጋሼ መፈልፈያቸውን ስክሪን ላይ አይተውት አያውቁም ነበር። ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገው ይህ የድሮው እጀታ ነው፣ አሁን አሻሽዬዋለሁ አሉ።

በማግስቱ ወንድሜ ራሱ ሄዶ ይዟቸው መጣ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ማዕዘኑ እንዳለ ቀረ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ በሪፖርት ምንም እንዳንወስን ተስማማን። የቢሮውን ኮምፒውተርና የሁለታችንን ስልክ እንዳይቆጠሩ አደረግኩ። የሚደውል ሰው ሁሉ ከየት እንደሰማ መጠየቅ ጀመርኩ፣ ጋሼም እንደዚሁ።

አሁንም ግራ መጋባቴ አልለቀቀኝም። የብሎኬት ማሽኑን ብዙ ሰው ያየዋል፣ ብዙውም ወዲያው ይወጣል። መፈልፈያውን የሚያየው ጥቂት ነው፣ የገባው ግን ይቆያል። ይህ ጥሩ ነው ወይስ ገጹ ቀስ ብሎ ስለሚከፈት ነው? አላውቅም። ወንድሜ ሲጠይቀኝም አላውቅም እለዋለሁ፤ መጀመሪያ ያናድደው ነበር፣ አሁን ለምዶታል።

ባለፈው ሰኞ ጋሼ ኤሌክትሮድ ሊወስዱ ገቡና በሩ ላይ ቆሙ፤ ያን ቀን በቆሙበት ቦታ። የገጻቸውን የሳምንት ቁጥር ጠየቁኝ። ዘጠኝ ጎብኚ አልኳቸው። ከዘጠኙ አንዱ በየቀኑ እየተመለሰ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ማን እንደሆነ ግን ቆጣሪው አይናገርም አልኩ። ጋሼ ኤሌክትሮዱን እየቆጠሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በልጄ ስልክ። እኔን ቀንሺና ንገሪኝ።»

«ስምንት ጋሼ» አልኳቸው።

«ስምንት ይበቃል» ብለው ወደ ማዕዘናቸው ሄዱ።