በሁለቱም ጫፍ ኮማ የነበረበት ኢሜይል

መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ «እትዬ ኮማ» ይላታል። ፊት ለፊቷም ከጀርባዋም ነው፤ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስታርም የኖረች ሴት ሌላ ምን ተብላ ልትጠራ ኖሯል? መሥሪያ ቤቱ የሰው ዕቃ በቅዝቃዜ የሚያቆይ መጋዘን ነው። ደንበኞቹ ከየአገሩ ስለሆኑ ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ገቢውም ወጪውም በእሷ ጠረጴዛ ያልፋል። እሷ ሳታየው ኢሜይል የላከ ሰው ወዮለት።

ብዙ ጊዜ ወዮ የሚባልለት የስምሪት ሠራተኛው ነው። መኪና በመላክ የሚስተካከለው የለም፤ ሰላምታ ላይ ግን እጁ ይሰንፋል።

«‹ዲር› ካልክ ወዲያው ኮማ አይገባም፤ የሰውየው ስም ካለቀ በኋላ ነው» ትለዋለች። «‹ሄሎ› ካልክ ግን ሰውየውን እየጠራኸው ነው፤ ስለዚህ ከስሙ በፊትም ኮማ፣ ከስሙ በኋላም ኮማ። መዝጊያው ላይ ‹ቤስት ሪጋርድስ› ብለህ ኮማ፣ ከዚያ ወርደህ ስምህን።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ‹ዲር› ካልኩ በኋላ ትንሽ እንዲተነፍሱ ብዬ ነው ኮማ የማደርገው።»

«መተንፈስ ካማረህ በረንዳው ያውልህ!»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ፣ እንዲህ እየሳቁ ነበር የሚውሉት። ባለፈው ሰኞ ግን ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ ትሑት ሰው ነው። ኮምፒውተሮቹ ላይ ስህተት የሚያርም ፕሮግራም እንደተጫነ፣ ፕሮግራሙ ያለፈውን ኢሜይል ከእንግዲህ ሰው ማየት እንደማያስፈልገው፣ እሷም ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መዝገብ ቤት እንደምትሠራ በለሰለሰ አንደበት ነገራት። «እዚያ ይረፉ ብዬ ነው፣ እትዬ» አላት። መዝገብ ቤት ማለት ምድር ቤት ያለ፣ ሰው የማይደርስበት ክፍል ነው። ዕረፍት ማን ጠየቀው? ሆድ ባሳት፤ ግን «እሺ» ብላ ወጣች። እስከ ዓርብ ድረስ ጠረጴዛዋ የራሷ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከአንድ የቆዩ ደንበኛ፣ ከድንች ዘር አከፋፋዩ፣ ኢሜይል መጣ። ስድሳ ሳጥን ዘር መጋዘኑ ውስጥ አላቸው። ሳጥኖቹ ዛሬውኑ ተጭነው ሌላ ከተማ ወዳለው አዲሱ መደብራቸው ይላኩ ይላል። አድራሻው የራሳቸው ነው፤ አጻጻፉም የራሳቸው፣ እንደ ወትሮው ቁጥብና ጨዋ። ፕሮግራሙም ምንም ስህተት የለበትም ብሎ አረንጓዴ ምልክት አደረገበት። የስምሪት ሠራተኛው መኪና ለማዘዝ ስልኩን አንስቷል።

«ቆይ እስቲ» አለች እትዬ ኮማ። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «ዲር ማዳም»፣ ኮማ። «ቤስት ሪጋርድስ»፣ ኮማ። ልክ ነው፤ እንከን የለውም። የሚያሳስበውም ይኸው ልክ መሆኑ ነበር።

እኚህን ሰው በመልክ አታውቃቸውም፤ ዘጠኝ ዓመት በጽሑፍ ብቻ ነው የተዋወቁት። በመጀመሪያው ወር ከሰላምታቸው በኋላም ከመዝጊያቸውም ኮማ ስለሚያጎድሉ፣ አላስቻላትም፣ በትሕትና አስታወሰቻቸው። እሳቸውም በትሕትና መለሱ፤ እኔ በተማርኩበት ኮማውን ከሁለቱም ቦታ ማድረግ ወይም ከሁለቱም ቦታ መተው ይቻላል፣ አንዱ ላይ አድርጎ ሌላው ላይ መተው ነው ነውሩ፤ እኔ መተዉን መርጫለሁ አሉ። መጽሐፍ ገልጣ አየች፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ አፏን ይዛ፣ በልቧ ግን አከበረቻቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላዛነፉም።

«ይህን የላኩት እሳቸው አይደሉም» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጣ። ነገሩን ሰምቶ ሳቅም ቁጣም ተናነቀው። «እትዬ፣ ደንበኛ ጻፈ፣ ከራሱ አድራሻ ጻፈ። በኮማ ምክንያት መኪና ላቁም? ለዚያውም በሌለ ሳይሆን ባለ ኮማ!»

«አንድ ሰዓት ብቻ ስጠኝ። ከተሳሳትኩ ሰኞን አልጠብቅም፤ ዛሬውኑ ምድር ቤት እወርዳለሁ።»

ሰዓቱን አየና «አንድ ሰዓት» አለ።

የአከፋፋዩ የእጅ ስልክ ዝግ ነው። የሱቃቸው ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። አርባ ደቂቃ ሄደ። የስምሪት ሠራተኛው እንኳ ቀልዱን ትቶ የቆዩ ውሎችን አብሯት ያገላብጥ ጀመር፤ በመጨረሻም ከአንዱ ውል ግርጌ የቤት ስልክ ቁጥር አገኘ። ደወለች። ሁሉም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፈተችው። አንዲት ወጣት ሴት አነሳች።

«አባቴ ማክሰኞ የዐይን ቀዶ ሕክምና አድርገው ዐይናቸው ተሸፍኗል» አለች ልጅቱ። «ኢሜይሉን እኔ ነኝ የላክሁት። ምነው፣ ችግር አለ?»

ሥራ አስኪያጁ «ይኸው!» የሚል ፊት አሳየ።

እትዬ ኮማ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «ልጄ፣ እሳቸው ናቸው ቃል በቃል የነገሩሽ?»

«አይ፣ እሳቸውማ ጽፈውት ሳይልኩት የቀረ ነው። ረስተውት ነው ብዬ እኔ ላክሁላቸው። ሰላምታው ላይና መዝጊያው ላይ ኮማ ጎድሎ አይቼ፣ ሰው ፊት እንዳያፍሩ አስተካከልኩት።»

ከወዲያ በኩል አንድ ጎርናና ድምፅ «ማነው? የምን ኢሜይል ነው?» ሲል ተሰማ። ልጅቱ ነገረቻቸው። ከዚያ ያለው ጩኸት ያለ ስልክም የሚሰማ ነበር። «የድንቹን? ኧረ ተይ! የአዲሱ መደብር ማቀዝቀዣ ገና አልተገጠመም እኮ! እሱን ስጠብቅ ነው ያልላክሁት! እዚያ ሙቀት ውስጥ ከገባ ዘሩ በስብሶ አለቀ! የዓመት ልፋቴ ነው!»

«ይረጋጉ፣ ጋሼ፤ ሳጥኖቹ እዚሁ ናቸው። አልነካናቸውም» አለች እትዬ ኮማ።

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ማን ልበል?»

«ደብዳቤዎን የማነብ ነኝ።»

«የኮማዋ እመቤት!» አሉና በሳቅ ፈረሱ። «በምን አወቁ?»

«በሁለቱም ቦታ ኮማ ነበረበት።»

ሥራ አስኪያጁ እንደቆመ ቀረ። አረንጓዴውን ምልክት አየ፤ እሷን አየ። እውነት ለመናገር ሰው አይደለም አይባልም፤ ጥፋቱን ማመን ያውቅበታል። የምድር ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለስምሪት ሠራተኛው ሰጠው። «ይህን ለጥበቃው መልስለት» አለ። ወደ እሷ ዞሮም «እትዬ፣ ፕሮግራሙ ፊደሉን ይይ፤ እርስዎ ሰዉን ይዩልን። ሰኞም እዚሁ ነዎት» አላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ስልኩ ገና በእጇ ነበር። ሰውየው አልዘጉም።

«እኔ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት፣ የምጽፈውን ማንም ከልብ አያነበውም ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

እሷም ማንበቧን ማንም አያውቅላትም ብላ ነበር፤ ይህን ግን አልነገረቻቸውም።

«ዐይኔ እስኪፈታ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል» አሉ። «የመጣልኝን ደብዳቤ ወደ እርስዎ ላስልክና ነገም ደውለው ቢያነቡልኝስ? ልጄ ታነብልኛለች፤ ግን ትቸኩላለች።»

«በስንት ሰዓት ልደውል?» አለች እትዬ ኮማ፣ እስክሪብቶ እየፈለገች።