አንቀጽ ሰባት

የሃይማኖቶች ጉባኤው ጸሐፊ፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ላለችው የጋራ ጸሎት ክፍል መመሪያ ማርቀቅ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሞላው። የአሁኑ ረቂቅ ዘጠነኛው ነው። በጉባኤው ደንብ አንድ የሃይማኖት አባት ብቻ "አይሆንም" ካለ ወረቀቱ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል። የቅዱሳኑ ሥዕል ሌሎች ሲጸልዩ በመጋረጃ ይሸፈን ወይስ ቁም ሣጥን ይግባ? ጫማ የት ይውለቅ? በሁለት ጸሎት መካከል ስንት ደቂቃ ይኑር? አባቶቹ ስብሰባ ላይ ማር ናቸው። ሲወጡ ግን እያንዳንዳቸው ጥግ አስይዘውት፣ "እኔ ግድ የለኝም፣ ምእመኑ ነው እንጂ" ይሉታል። ይሄን ምእመን የሚባል ሰው አንድ ቀን ቢያገኘው አንገቱን ባነቀው ነበር።

ጠብ እንዳይነሳ ብሎ አንቀጽ ሰባትን የጻፈው ራሱ ነው፤ መመሪያው እስኪጸድቅ ክፍሏ ተዘግታ ትቆይ፣ ቁልፉም በጸሐፊው እጅ ይሁን። አባቶቹ ያለ አንዳች ክርክር ተስማምተው ወዲያው በሥራ ላይ ያዋሏት ይህችን አንቀጽ ብቻ ነው።

ትናንት ጸሐፊው የክፍሏ በር ላይ ሳለ እህቱ እየሮጠች ወረደች። ባሏ ቀዶ ጥገና ላይ ነው።

"ወንድሜ፣ ክፈትልኝ። አንዴ ልንበርከክ።"

"አልችልም። ላንቺ ከከፈትኩ የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።"

"ማነው የከለከለው?"

ጸሐፊው በሩ ፊት ተገተረ።

"በል እንግዲህ፣ በርህን ጠብቅ!" ብላው ኮሪደሩ ላይ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ሄደች። እምነቷ ሌላ የሆነ አንዲት ሴት እዚያ ተቀምጣ ትጸልያለች። ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትገልጥ ጠጋ አለችላት።

ጸሐፊው ቁልፉን ጨብጦ በሩን ጠበቀ።